ሰኔ ሲያልቅ የማልነካው ብር ስንት መሆን አለበት? (ሀዋሳ፣ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ስራ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ ሰርግ ምርቃት ልደት ምናምን ፎቶም ቪዲዮም እሰራለሁ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ገቢዬ እንደምታውቁት ነው፣ ጥር ላይ ስልክ ለማንሳት እንኳን ጊዜ የለኝም፣ ነሐሴ ላይ ደሞ ራሴ እየደወልኩ ስራ የለም ወይ እላለሁ። ስለዚ ከጥር ጀምሮ ለራሴ ቋሚ ደሞዝ ቆረጥኩ። ወር በገባ በ1 ከስራው አካውንት ወደ ቤቱ አካውንት 35 ሺህ ይገባል፣ ከዛ ውጪ የስራውን ብር ቤት አያውቀውም።

35ን ያገኘሁት የ2017ን ደብተር ደምሬ ነው። የረዳት ካሜራማን፣ የአልበም ማሳተሚያና የትራንስፖርት ወጪ ተቀንሶ በእጄ የቀረው በሺህ ብር ይሄው፦ መስከረም 25፣ ጥቅምት 38፣ ኅዳር 30፣ ታኅሣሥ 22፣ ጥር 130፣ የካቲት 45፣ መጋቢት 14፣ ሚያዝያ 70፣ ግንቦት 62፣ ሰኔ 57፣ ሐምሌ 18፣ ነሐሴ ከነጳጉሜ 9። ድምሩ 520 ነው፣ ለ12 ሲካፈል 43 ገደማ ይመጣል። 43 ልውሰድ ብዬ ፈራሁና 35 ላይ ቆምኩ።

ዘንድሮም ነገሩ ካምናው ብዙ አልራቀም፣ በዚህ ከሄደ የስራው ቋት ሰኔ መጨረሻ 168 ሺህ አካባቢ ይኖረዋል። ጥያቄዬ ከዚህ ውስጥ ለክረምቱ ስንቱን አልንካ ነው። ባለቤቴ በወር 10 ሺህ የሆነ የ12 ሰው እቁብ እንግባ ትላለች፣ እኔ ደሞ አንድ ሌንስ አይቻለሁ። እባካችሁ ምክር ብቻ ሳይሆን ቁጥር ንገሩኝ።

(መልሱ በዝቶ መሀል ላይም የዓሣ ክርክር ስለገባበት፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደክም ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በተራ አስቀምጬዋለሁ።)

1ኛ። አላሙራ ስቱዲዮ የሚባለው የሙያ ወንድሜ መጀመሪያ ደሞዝ መቁረጤን አደነቀ፣ እሱ እስከዛሬ ከኪሱ ወደ ኪሱ እንደሚሰራ ነው የተናገረው። ከዛ ሂሳቡን ሰራልኝ። ክረምት ማለት ሐምሌ ነሐሴና መስከረም ነው፣ ከ35 የሚጎድለው 17፣ 26 እና 10 ነው፣ ሲደመር 53 ሺህ። ስለዚ 53ቱን አስቀምጠህ በቀረው ሌንሱን ግዛ ነው ሀሳቡ። እውነት ለመናገር እኔም በልቤ የነበረው ቁጥር ከዚህ አይርቅም፣ ሌንስ የሚል ሰው ሳገኝ ደሞ ደስ አለኝ።

2ኛ። ሐይቅ ዳር የተባለ ሰው ብድር የምፈልግ መስሎት ስለ አነስተኛ ብድር ተቋማት፣ ስለ ዋስና ስለ ቡድን ዋስትና ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፣ እኔ ግን ያልጠየቅኩት ነው።

3ኛ። ወይዘሮ ሂሳብ ገቡ። እኚህ ሴት በአንድ የህብረት ስራ ማህበር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሂሳብ የያዙ ናቸው፣ እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። አላሙራን በጨዋ ደንብ ነው ያረሙት፣ መደመሩ ልክ ነው መቆሚያው ግን ልክ አይደለም አሉ። ክረምት በሰማይ ያልቃል፣ በቋት ውስጥ ግን አያልቅም፣ ምክንያቱም ከመስከረም በኋላ የሚመጣው ገቢ ከደሞዙ እምብዛም አይበልጥም። በየወሩ እየደመሩ ጉድለቱን አወረዱት፦ ሐምሌ መጨረሻ 17፣ ነሐሴ መጨረሻ 43፣ መስከረም 53፣ ጥቅምት 3 ሺህ ተርፎ 50፣ ኅዳር 55፣ ታኅሣሥ 68። ጉድጓዱ ከሁሉም የሚጠልቀው ነሐሴ ላይ ሳይሆን ታኅሣሥ መጨረሻ፣ የጥር ሰርግ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚሄድ የኦርቶዶክሱ ሰርግ በዛ መሀል የለም፣ የደብተሬ ቁጥርም ይሄንኑ ነው የሚያሳየው። ስለዚ በሳቸው አባባል 53 ይዞ ክረምት የሚገባ ሰው ቋቱ ኅዳር ላይ ባዶ ይሆናል፣ ታኅሣሥ ላይ ይበደራል፣ ጥር ሲመጣ የመጀመሪያው ሰርግ ብር ለእዳ ይሄዳል፣ ከዛ ዓመቱን ሙሉ ሰርቶ ለምን እንደማይተርፈው ግራ ይገባዋል።

ዘዴያቸውን ለማንኛውም ወጣ ገባ ገቢ ላለው ሰው እንደሚሆን ጨምረው ጻፉ፦ ቀጭን ወሮችን በስም አትምረጥ፣ ከደህናው ወር መጨረሻ ተነስተህ ገቢ ሲቀነስ ደሞዝ እያልክ ደምር፣ ትልቁ ጉድለት የወጣበት ቦታ ላይ ያለው ቁጥር ነው የማይነካው ብር።

4ኛ። አላሙራ ተመልሶ ሂሳቡን ተቀበለና፣ ታኅሣሥ ላይ ግን የጥር ሙሽሮች ቀብድ ስለሚያስገቡ እጅ ላይ ብር አለ፣ ያን ያህል አትፍራ አለ። እሱ ታኅሣሥን በቀብድ ነው የሚያሳልፈው።

5ኛ። እትዬ እዚህ ላይ ትንሽ ቆጣ አሉ። መጀመሪያ እኔን የታኅሣሡን 22 ቀብድ ጨምረህ ነው የጻፍከው ወይስ የሰርጉ ቀን ሲደርስ ነው ብለው ጠየቁ። ቀብድን ሰርጉ በሚሰራበት ወር ላይ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፣ እንዲህ ካልሆነ ደብተሩ ይዋሻል ነው ያሉት። ምክንያቱም ቀብድ ማለት ገና ያልሰራኸው ስራ ብር ነው፣ ከሱ ላይ ለረዳት ትከፍላለህ፣ አልበም ታሳትማለህ። ታኅሣሥ ላይ 30 ሺህ ቀብድ ተቀብሎ የበላ ሰው ጥር ላይ ስራው ሙሉ ሆኖ ብሩ ግን ጎዶሎ ይመጣበታል። ደሞ ለቅሶ አለ፣ የሙሽራው አያት ያርፉና ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ይባላል፣ ያኔ ቀብዱ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ መገኘት አለበት። ለቀብድ ሌላ አካውንት ክፈት፣ ካልሆነም ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፈው አሉኝ። እኔ ሌላ አካውንት ከፈትኩ፣ ካርድም አላወጣሁለትም።

6ኛ። አንድ የሕግ ሰው ከሞላ ጎደል ከርዕሱ ወጥቶ ነበር ግን የሚጠቅም ነገር ጣለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ማለትም እኔ ጥር ላይ ታምሜ ወይ ካሜራዬ ተሰርቆ ሰርጉን ካልሰራሁ የተቀበልኩትን ብቻ መመለስ ላይበቃ ይችላል። ሀዋሳ ላይ ለዚህ ፍርድ ቤት የሚሄድ ብዙም የለም፣ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው፣ ሽማግሌውም ግን ባዶ እጅህን አያስታርቅህም ብሎ ጨረሰ። ይሄ መልስ ነው ስለ ድንገተኛ መጠባበቂያ ያሳሰበኝ። ነሐሴ መቀዝቀዙ ድንገተኛ አይደለም፣ በየዓመቱ ይመጣል፣ ቀኑንም አውቀዋለሁ። ጥር ላይ መታመም ነው ድንገተኛው።

7ኛ። ባጃጅ ፒያሳ የሚባለው ልጅ ተናደደ። ለራሱ 35 ሺህ ደሞዝ የቆረጠ ሰው እዚህ መጥቶ ማልቀሱ አስቆጥቶታል፣ ስንት ዓመት ያስተማረ መምህር የማያገኘውን እያገኘህ ነው አለኝ። እሱ የቀን ገቢውን ለባለንብረቱ ከፍሎ የተረፈውን ነው የሚበላው። የመምህሩ ነገር እውነቱን ነው፣ አልተከራከርኩትም። ብቻ ቁጥሬን የጻፍኩት ለጉራ ሳይሆን ካልጻፍኩ ማንም ሂሳብ ሊሰራልኝ ስለማይችል ነው። ሁለት ሰዎች ተነስተው ሰደቡት፣ እሱም አልቀረም፣ አራት አምስት መልስ በዚህ ስለባከነ ዘልዬዋለሁ።

8ኛ። የአቶቴዋ የምትባለው እህታችን ስለ ቋት ብዙም አላወራችም፣ ስለ ቀጭን ወር በጀት ነው የጻፈችው። ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፣ ክረምት ላይ ውጪ ውጪውን መቀባት ስለማይቻል የሱም ገቢ እንደኔው ነው። የሷ ዘዴ ነሐሴ ላይ መቆጠብ ሳይሆን የነሐሴን ወጪ ጥር ላይ መጨረስ ነው። ጤፍ ከመኸር በኋላ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው የሚረክሰው፣ ክረምት ላይ ነው የሚወደደው፣ እሷ የዓመቱን ጤፍ ያኔ በኩንታል ትገዛለች፣ በርበሬውና ሽሮውም በበጋ ፀሐይ ተሰጥቶ ተፈጭቶ ያልቃል። እህሉ በጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከስሩ እንጨት ይደረጋል፣ ከግድግዳም ይርቃል፣ አለበለዚያ የሀዋሳ ክረምት ያሻግተዋል። ከዛ በኋላ ክረምት ላይ ገበያ የምትወጣው ለአትክልት፣ ለዘይትና ለቡና ብቻ ነው።

እኔንም የቤትህ ቀጭን በጀት ስንት ነው ብላ አፋጠጠችኝ። ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ከ35ቱ ውስጥ ቤት ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ለእናቴ የምልከውና ቀለብ አይነካም፣ ልብስ፣ ቅዳሜና እሁድ መውጫ፣ ስጦታና ትልቁ የኢንተርኔት ጥቅል ሲቀር 26 ሺህ ላይ ቆመ። የአቶቴዋ ስጦታውን እንዴት ነው የምትቀንሱት ብላ ሳቀችብን፣ ለዘመድ ሰርግና ክርስትና ባዶ እጅ አይኬድማ። እሱ አልተፈታም።

9ኛ። አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ እህት የራሷን ጉዳይ ይዛ መጣች። የሷ ከኔ የተገለበጠ ነው፣ እኔ በጾም ስራ አጣለሁ እሷ ደግሞ ዋናው ገበያዋ ሁዳዴ ነው፣ ፋሲካ ሲገባ ሰው ሁሉ ዶሮና በግ ላይ ነው፣ ዓሣ የሚያይ የለም። ጥያቄዋ ገቢው በየቀኑ ለሚለዋወጥ ሰው የወር ደሞዝ እንዴት ይሰራል ነበር። የሚመልስላት ግን አልተገኘም፣ ምክንያቱም…

10ኛ። …አንዱ ተነስቶ ዓሣ የጾም ምግብ አይደለም ሲል አዋረዳት። ሌላው አባቶቻችን ይበሉ ነበር አለ፣ ሌላው የትኛው አባት አለ፣ ነገሩ ሃይማኖት ውስጥ ገባና የመድረኩ ኃላፊ ከ10 እስከ 13 ያሉትን ግማሹን አጠፋው። የተረፈው ላይ ሰው ቢስማማም ባይስማማም ገበያው ላይ ዓሣ በጾም እንደሚሸጥ ማንም አልካደም፣ ለሷ የሚያስፈልጋት እሱ ብቻ ነበር።

14ኛ። ታቦር ተራራ የሚባለው ቪዲዮ ሰሪ የደብተሬን ድክመት አገኘው። የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ፋሲካ ደሞ ቦታ ይቀያይራል። በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር የዋለው፣ ስለዚ የሚያዝያ አጋማሽ ሰርግ ገባልኝና 70 ጻፍኩ። በ2016 ግን ሚያዝያ 27 ነው የዋለው፣ የዛን ዓመት ሚያዝያ ለሱ እንደ መጋቢት ደረቅ ነበር፣ ሰርጉ ሁሉ ወደ ግንቦት ተገፋ። ሁለተኛ ነገሩ ደግሞ ሀዋሳ ላይ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፣ በጾም ወራትም ይጋባል፣ መጋቢትህ 14 የሆነው ከተማው ስራ ስለሌለው ሳይሆን አንተን የሚያውቁህ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ስለሆኑ ነው አለኝ። የመጀመሪያው ልክ ነው። ሁለተኛው ግማሹ ልክ ነው፣ የፕሮቴስታንት ሰርግ እሰራለሁ፣ ግን ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያናቸው የሚዲያ ቡድን አላቸው።

15ኛ። እትዬ ስለ ፋሲካው ብዙ አልተጨነቁም። ፋሲካ ቢዘገይ መጋቢትና ሚያዝያ ተደምረው ከደሞዙ ወደ 40 ሺህ ቢጎድሉ ነው፣ ያኔ ግን ቋቱ የጥርን ብር ይዞ ከ100 ሺህ በላይ ስለሚሆን ይችለዋል። ብሩ ወደ ግንቦት ተገፋ እንጂ አልጠፋም፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ያው ነው። የሚያሰጋቸው ጥር ራሱ የቀጠነ ዓመት ነው፣ በሀዘን ወይ በሰላም እጦት ሰርግ የቀረበት። ለሱ ቋቱ አይበቃም፣ ደሞዙ ራሱ ነው መውረድ ያለበት፣ እሱም ነሐሴ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የካቲት 1 ላይ ነው የሚወሰነው። የጥር ገቢ ካምናው በሩብ ከወረደ ደሞዙን ወዲያው ወደ 30 አውርደው ብለው ቁርጥ አድርገው ጻፉ። ለምን 30 ብዬ ብጠይቅ ከቀጭኑ በጀትህ በላይ ስለሆነ ነው አሉ፣ ቀጭን በጀትን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

16ኛ። አንድ ስሙን ያልሞላ ሰው በአንድ መስመር ግብሩ የት አለ ብሎ ጠየቀ። የለም። 520ው ከግብር በፊት ነው። እኔ ደግሞ የምከፍለው ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ገቢው 18 በሆነበት ወር። አምና 20 ሺህ ገደማ ከፍያለሁ። ስለዚ 68 የነበረው 88 ሆነ ማለት ነው። አጭር መልስ ነበር ግን 20 ሺህ ብር አወጣችብኝ።

17ኛ። ዶላር ተመልካች የተባለው ብር ቋት ውስጥ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል የካሜራ እቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል፣ ባንክ የሚሰጠው 7 ከመቶ ወለድ ምንም አይደለም፣ ስለዚ ሌንሱን ዛሬ ግዛ፣ ሲቸግርህ ትሸጠዋለህ ነው ምክሩ። ታቦር ተራራ መለሰለት፣ ታኅሣሥ ላይ የሚሸጥ ሌንስ ገዢው ማነው? ገዢው እንደኔው ታኅሣሥ ላይ ብር የሌለው ካሜራማን ነው። ሁላችንም አንድ ቀን ነው የሚቸግረን፣ አንድ ቀን ነው የምንሸጠው፣ ዋጋው ያኔ ነው የሚወድቀው። ይሄን የመሰለ ነጥብ አልጠበቅኩም ነበር።

18ኛ። እትዬ ሁለቱንም አስታረቁ። በስድስት ወር ውስጥ የሚበላ ብር ብር ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ የዋጋ ንረቱ ቢጎዳውም ነሐሴ ላይ ኪራይ የሚከፈለው በብር ነው። እቃ መቀየሪያው ብር ግን ለዓመታት ስለሚጠራቀም እዛ ላይ የዶላር ተመልካች ሀሳብ ትክክል ነው፣ ሲሞላ ቶሎ እቃ ይገዛበት። ከዛ የጠየቅኩትን ቁጥር ሰጡኝ፦ ከ168 ሺህ ውስጥ 88 አይነካም፣ 80 ይቀራል። የድንገተኛው መጠባበቂያ የቀጭኑ በጀት ሦስት እጥፍ ቢሆን 78 ሺህ ነው፣ ስለዚ ዘንድሮ ሌንስ የለም። ድንገተኛው ከቋቱ ጋር አንድ አካውንት ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ ሲቀላቀል መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው አሉ።

አላሙራ በዚህ አልተስማማም። ካሜራማን እቃው ካረጀ የሚቀጥለው ጥር ራሱ ይቀንሳል፣ እቃውም መጠባበቂያ ነው ይላል። እኔ 80ውን ለሁለት ከፍዬ በሁለት ዓመት ልሞላው ነው ያሰብኩት፣ እትዬ ግን አሁንም ደስ አላላቸውም።

19ኛ። ስለ እቁቡ የአቶቴዋ ባለቤቴን ደገፈች። ባል ሌንስ ሲያይ ብር የሚይዝ እቁብ ብቻ ነው አለች። ታቦር ተራራ ደግሞ እቁቡ ነሐሴ ላይም 10 ሺህ ይላል፣ ገቢህ 9 ሆኖ ማለት ነው፣ ከቋቱ ከከፈልከው 88ቱ ይፈርሳል አለ። እትዬ እቁቡ ከ35ቱ ደሞዝ ላይ ከተከፈለ አይጠሉትም፣ ግን ቀጭኑ በጀት 26 ስለሆነ የሚተርፈው 9 ነው፣ 10 አይገባም። የ5 ሺህ ፈልጉ ነው ያሉት። እጣው ቶሎ ከወጣም ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ ጉድጓዱ ለሚጠልቅበት ለታኅሣሥ ከሚፈልገው ሰው ጋር መለዋወጥ ይቻላል። ባለቤቴ ይሄን አንብባ የ5 ሺህ እቁብ ሰው የሚሰበሰብበት የት አለ ብላለች፣ አቶቴ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉ።

20ኛ። ዓሣ ሻጯ እህት ተመልሳ ጥያቄዬ በጾም ክርክር ተበላ አለች፣ እውነቷን ነው። ባጃጅ ፒያሳ ነው የመለሰላት፣ ያ የተናደደው። እሱ ከሰኞ እስከ እሁድ የሰራውን በቴሌብር ይሰበስበውና ለቤት የሚያወጣው እሁድ ማታ ብቻ ነው፣ የሚያወጣውም ካለፉት አራት ሳምንታት ሁሉ ያነሰውን ሳምንት ገቢ ያህል ነው። የተረፈው ለጎማና ለባትሪ ይቆያል። እሷም ለአንድ ወር ሞክሬ እነግራችኋለሁ አለች፣ ግን የጀልባው ባለቤት ድርሻውን በየቀኑ ስለሚወስድ የሳምንቱን ገቢ ከድርሻው በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትጽፈው ብላ ጠየቀች። ከድርሻው በኋላ ይመስለኛል ብዬ ጻፍኩላት፣ እትዬ እስኪገቡ እየጠበቅን ነው።